ስጋን በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በእርጎ ለምን ያህል ጊዜ መዘፍዘፍ ይገባል?

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ሴት እናቷን ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። እናትየው ሰባዎቹን ያገባደዱ፣ የመንጋጋ ጥርሶቻቸው ያለቁ እናት ናቸው። በዋዜማው ምሳ ላይ ሥጋ ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ፣ ብዙ ካሳሉ በኋላ ነበር የወጣላቸው። ልጅቷ በጣም ተጸጽታለች። «እንዲለሰልስላቸው ብዬ እኮ ነው ዶክተር! ማታ 2 ሰዓት ላይ በሎሚና በኮምጣጤ ዘፍዝፌው፣ በማግስቱ 6 ሰዓት ላይ ነው የጠበስኩት» አለችኝ።

ሥጋው 16 ሰዓት ሙሉ አሲድ ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው። ላዩ እንደ ሊጥ ላሽቆ ነበር፤ መሐሉ ግን እንደ ድሮው ጅማታም ሆኖ ቀርቷል። እናትየው አፋቸው ውስጥ ሲያስገቡት በምላሳቸው ስለተፈረካከሰላቸው ለስልሷል ብለው ሳያላምጡ ዋጡት። ጉሮሯቸው ላይ የቆመው ያልለሰለሰው መሐሉ ነው። ደረታቸውን አዳምጬ፣ ትንፋሻቸውንና የኦክስጅን መጠናቸውን አይቼ ደህና ሆነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የልጅቷ ጥያቄ ግን ለብዙዎቻችሁ የሚጠቅም በመሆኑ እዚህ ላይ በዝርዝር ልመልሰው።

አሲድ ሥጋን ምን ያደርገዋል?

ሥጋ በአብዛኛው ውኃና ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኖቹ ሁለት ዓይነት ሥራ አላቸው። አንደኛው የሥጋው ጭረት ራሱ ነው፤ ስንበላው በርዝመቱ የሚተረተረው ማለት ነው። ሁለተኛው ጭረቶቹን አንድ ላይ ጠፍሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ማሰሪያ ነው። ሥጋን ጠንካራ የሚያደርገው በዋናነት ይህ ማሰሪያ ሲሆን፣ እንስሳው ባረጀና ጡንቻው ብዙ በሠራ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። የሐበሻ ዶሮ ከፈረንጅ ዶሮ ይልቅ ብዙ እሳት የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሲድ የሥጋውን ፕሮቲን ሲያገኘው የተጠቀለለበትን ቅርጽ ያፈታዋል። መጀመሪያ ላይ ይህ ጥሩ ነው፤ የላይኛው ክፍል ትንሽ ይላላል፣ ጨውና ቅመምም ይይዛል። ጊዜው ሲረዝም ግን ጭረቶቹ ውኃ ይዘው ያብጣሉ፣ ማሰሪያቸውም ይላላል፣ በመጨረሻም እርስ በእርስ መያያዝ ያቆማሉ። ላሸቀ የምንለው ይህንን ነው። እንዲህ የሆነ ሥጋ እሳት ላይ ሲወጣ የያዘውን ውኃ ይለቅና፣ አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ወይም እንደ ጠመኔ የሚደርቅ ነገር ይሆናል። ብዙ ሰው «ዘፍዝፌው እንኳ ደረቀብኝ» የሚለው ለዚህ ነው። ሥጋው የደረቀው ስላልቆየ ሳይሆን ከልክ በላይ ስለቆየ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር አሲድ ወደ ሥጋው ውስጥ የሚገባው በጣም በዝግታ መሆኑ ነው። በብዙ ሰዓታት ውስጥ የሚያልፈው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራም ቁራጭ ሥጋ ሌሊቱን ሙሉ ቢያድር ላዩ ይላሽቃል እንጂ መሐሉ አይደረስበትም። በእናትየው ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ጊዜ መጨመር መሐሉን አያለሰልስም፤ ላዩን ብቻ ያበላሻል።

ሎሚና እርጎ ለምን ይለያያሉ?

የአሲድ ጥንካሬ የሚለካው ፒኤች በተባለ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። የሎሚ ጭማቂ ከ2 እስከ 2.5 አካባቢ ነው። ኮምጣጤም ከዚያ ብዙም አይርቅም። እርጎ ግን ከ4 እስከ 4.5 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ቁጥሩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ መለኪያ የአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ማለት ነው። ሎሚ ከእርጎ ከመቶ እጥፍ ያላነሰ አሲድነት ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

እርጎ ወፍራም በመሆኑ ከሥጋው ላይ ተለጥፎ ይቆያል፣ ሥራውንም ቀስ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ ሎሚ በሁለት ሰዓት የሚያበላሸውን ሥጋ እርጎ ውስጥ ግማሽ ቀን ማቆየት ይቻላል። ይህ ማለት ግን እርጎ ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ የረጋ እርጎ ብዙ ቀን ከቆየ ይበልጥ ስለሚኮመጥጥ ጊዜው ማጠር አለበት። ቀምሰውት ጥርስዎን የሚያስጨርስ ከሆነ ከዚህ በታች ከተጻፈው ሰዓት ግማሹን ይውሰዱ።

ስንት ሰዓት ይበቃል?

የሚከተሉት ጊዜያት ለወጥ ቤት የሚሆኑ መነሻዎች ናቸው። የቁራጩ መጠንና የአሲዱ ብዛት ትንሽ ወዲያና ወዲህ ሊያደርጋቸው ይችላል። ሁሉም ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ የሚሠሩ ናቸው።

• ዓሣ፦ በሎሚ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፤ በእርጎ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። ዓሣ ማሰሪያው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይፈራርሳል።

• የዶሮ ደረት በትንንሹ ተቆርጦ፦ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2 ሰዓት አይለፍ። በእርጎ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከ12 ሰዓት አይለፍ።

• አጥንት ያለው የዶሮ ብልት፦ በሎሚ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፤ በእርጎ ከ4 እስከ 12 ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሙሉ ቀን።

• የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ለጥብስ በሚሆን መጠን ተቆርጦ፦ በሎሚ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ቢበዛ 4 ሰዓት፤ በእርጎ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሙሉ ቀን።

ለዶሮ ወጥ ብልቶቹን በሎሚና በጨው ውኃ ዘፍዝፎ ማቆየት በየቤታችን የተለመደ ነው። ሎሚው በብዙ ውኃ ስለሚቀጥን ከንጹሕ ጭማቂ ይልቅ የዋህ ነው፤ ለዚህ ዓላማ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይበቃል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ «ጠንካራ ስለሆነ ይደር» አይበሉ። የእሱ ጥንካሬ የሚፈታው በሎሚ ሳይሆን ቁሌቱ ውስጥ በዝግታ ሲበስል ነው። የፈረንጅ ዶሮ ደግሞ ቀድሞውኑ ለስላሳ ስለሆነ በሎሚ ካደረ ወጡ ውስጥ ከአጥንቱ እየተላቀቀ ይበታተናል።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ለአራት ሰው የሚሆን የዶሮ ጥብስ እንሥራ እንበል። ግማሽ ኪሎ አጥንት የሌለው የዶሮ ደረት በሦስት በሦስት ሴንቲሜትር ይቁረጡ። አንድ የቡና ሲኒ ሳይሆን አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ወፍራም እርጎ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ይቀላቅሉ። ሥጋውን በዚህ ለውሰው በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ይክደኑት። አሲድ ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚዋሐድና ምግቡን የብረት ጣዕም ስለሚያመጣበት ብረት ድስት ውስጥ አያስቀምጡት።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት እንበል። 4 ሰዓት ላይ ቅመሙ ይዞታል፤ መጥበስ ይቻላል። 6 ሰዓት ላይ ላዩ በደንብ ላልቷል፤ ለምሳ ጥሩ ጊዜ ነው። እንግዳ ዘግይቶ እስከ 8 ሰዓት ቢቆይም ችግር የለውም። እስከ ምሽት 2 ሰዓት ከቆየ ግን 12 ሰዓት ሞላው፤ እዚህ ላይ ጠርዞቹ መልፈስፈስ ይጀምራሉ። ምግቡ ለነገ ከተላለፈ ደግሞ እርጎውን ጠርገው ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ወይም ማታውኑ ማብሰል ይሻላል።

ይህንኑ ሥጋ በእርጎ ፋንታ በሩብ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ቢለውሱት ኖሮ ሰዓቱ ሁሉ ይቀየር ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከገባ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሷል፤ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ የመጨረሻው ገደብ ነው። ስለዚህ ሎሚ የሚጠቀሙ ከሆነ ሥጋውን በማታ ሳይሆን ምድጃ ከማቀጣጠልዎ ትንሽ ቀደም ብለው ይለውሱት። በማታ ማዘጋጀት ከፈለጉ ጨውና ቅመሙን ዘይት ጨምረው ማታ ያድርጉና ሎሚውን ጠዋት ይጨምሩ።

ስለ ጨው ለሚጠነቀቁ የደም ግፊት ሕሙማን አንድ ነገር ልጨምር። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው 3 ግራም ያህል ነው። ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ1 ግራም በታች ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ስለሆነ በዚህ መጠን መብላት ይቻላል። ሲጠበስ ግን ተጨማሪ ጨው አይነስነሱበት፤ አዋዜም ጨው እንዳለው አይርሱ።

መላሸቁን እንዴት ያውቃሉ?

ከማብሰልዎ በፊት አንዱን ቁራጭ አውጥተው ይመልከቱ። ደህና የሆነ ሥጋ በጣት ሲጫኑት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ጠርዙም ስለት እንደቆረጠው ሹል ሆኖ ይታያል። ከልክ ያለፈ ሥጋ ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል፣ ጣትዎ ላይ ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር ይተዋል፣ ጠርዙም ጥጥ የተፈለቀቀ ይመስላል። በሁለት ጣት ሲስቡት ሳይተረተር ይበጠሳል።

እንዲህ ከሆነ ሥጋው ወደ ነበረበት አይመለስም። ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ግን መላሸቁ ብቻውን አያሳምምም። በወረቀት ፎጣ አድርቀው፣ በደንብ ከትፈው እንደ ተፈጨ ሥጋ ወጥ ውስጥ ወይም ከድንች ጋር መሥራት ይቻላል፤ በቁራጩ ለመጥበስ ግን አይሆንም።

መላሸትን ከመበላሸት ጋር አያምታቱ። የተበላሸ ሥጋ የሚያዳልጥና የሚያዝለገልግ ልስ ይኖረዋል፣ ሽታው ይቀየራል፣ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሊያደላ ይችላል። እዚህ ላይ የሎሚ፣ የነጭ ሽንኩርትና የቅመም ሽታ የመጥፎውን ሽታ ሊደብቅብዎ ይችላል። ስለዚህ በተዘፈዘፈ ሥጋ ላይ አፍንጫዎን ብቻ አይመኑ፤ ሰዓቱን ይቁጠሩ። ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየን ጥሬ ሥጋ፣ ቢሸትም ባይሸትም፣ ይጣሉት። በሞቃት አገር ከሆኑ ደግሞ ጊዜው ከዚህም ያጥራል።

አሲድ ሥጋን አያበስልም

ሎሚ ውስጥ የቆየ ዶሮ ወይም ዓሣ ነጭ ሆኖ የበሰለ ይመስላል። ነገር ግን ፕሮቲኑ ቅርጹን ቀየረ እንጂ አልበሰለም። በዶሮ ላይ የሚገኙት ሳልሞኔላንና ካምፒሎባክተርን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በሎሚ ወይም በእርጎ ጠፍተዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ዶሮ በምግብ ቴርሞሜትር ሲለካ መሐሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ትልቁን ቁራጭ መሐሉ ላይ ቆርጠው ይዩት፤ ሮዝ ቀለም ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካለው ወደ እሳቱ ይመልሱት። በተለይ በእርጎ የተለወሰ ሥጋ ላዩ ቶሎ ስለሚጠቁር፣ መሐሉ ሳይበስል የደረሰ መስሎ ያታልላል። እሳቱን መጠነኛ ያድርጉት።

ጥሬ የበሬ ሥጋ ለሚበሉም ይኸው ነው። በላዩ የሚጨመቅ ሎሚ፣ ሚጥሚጣም ሆነ አዋዜ ሥጋው ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል ዕጭ አይገድልም። ዕጩ የተቀመጠው ሎሚው በማይደርስበት በጡንቻው ውስጥ ነው።

ሥጋው የተዘፈዘፈበት ፈሳሽ ደግሞ የጥሬ ሥጋ ፈሳሽ ነው። የበሰለ ሥጋ ላይ አያፍስሱት። ለወጥ ወይም ለስጎ ከፈለጉት በደንብ ያንተክትኩት፤ ካልሆነ ይድፉት። ዶሮውን ከሎሚው ውኃ ሲያወጡም በቧንቧ ሥር በኃይል አይጠቡት፤ ፍንጣቂው ሰላጣና ብርጭቆ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በሰፋ ዕቃ ውስጥ በቀስታ አለቅልቀው፣ ዕቃውንና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ለማላመጥ ወይም ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው

አሁን ወደ እናትየው ልመለስ። ጥርስ ለሌለው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሚያደርግ ወይም ከስትሮክ በኋላ መዋጥ ለሚቸገር ሰው አደገኛው ሥጋ ጠንካራው ብቻ አይደለም። ላዩ ለስልሶ መሐሉ ጠንካራ የሆነ ሥጋም አደገኛ ነው፤ አፍን ያታልላልና። የሚያስፈልገው ከላይ እስከ መሐል እኩል የለሰለሰ ሥጋ ነው። ይህንን የሚያመጣው አሲድ ሳይሆን ውኃ፣ መጠነኛ ሙቀትና ጊዜ ነው። ኮላጅን በውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይቀልጥና ሥጋው በሹካ ሲነካ የሚለያይ ይሆናል።

ለልጅቷ የነገርኳት እንዲህ ነው። የበሬ ሥጋውን ጭረቱን ተሻግራ በሁለት ሴንቲሜትር ትቁረጠው፤ ጭረቱ ሲያጥር ማላመጥ ይቀላል። ከፈለገች ለጣዕም አንድ ሰዓት በእርጎ ታቆየው። ከዚያ ውኃ አልብሳ፣ ከድና፣ በዝግተኛ እሳት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ታብስለው። ሹካ በሁሉም ቁራጭ መሐል ያለ ኃይል ሲያልፍ ደርሷል። ከዚያ በሹካ ፈልፍላ ከመረቁ ጋር ትስጣቸው፤ ደረቅ ሥጋ ለብቻው አይሁን። እናትየው ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አንዱን ጉርሻ ውጠው ሳይጨርሱ ሌላ ሳይጎረሱ ይብሉ። ማጉረስ ፍቅር ቢሆንም ለእሳቸው ትንሽ ጉርሻ ይሻላል።

ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ የሥጋውን ልስላሴ ብቻ አይመልከቱ። በምግብ ሰዓት በተደጋጋሚ የሚያስለው፣ ከበላ በኋላ ድምፁ እርጥብ ወይም የሚንኮራኮር የሚሆን፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚከሳ ወይም የሳንባ ምች የሚመላለስበት ከሆነ የመዋጥ ችግር ሊኖር ስለሚችል ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ምግብ ተሰንቅሮበት መናገርም ማሳልም መተንፈስም ካቃተው ግን ጊዜ አይስጡ፤ ወደ ፊት አጎንብሰው በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል በመዳፍዎ ተረከዝ እስከ አምስት ጊዜ በኃይል ይምቱት፣ ሌላ ሰው ደግሞ አምቡላንስ ይጥራ።

ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ የእናቷን የደም ግፊት ለማስለካት ተመልሳ መጥታ ነበር። ሥጋውን አሁን በሎሚ እንደማታሳድረው ነገረችኝ። እናትየው ግን ጣልቃ ገብተው «ሎሚውን አልተውኩትም፤ ከበሰለ በኋላ ነው የማስጨምቀው» አሉ። ለጣዕም ከሆነ ትክክለኛው ሰዓትም ያ ነው።